ቀዝቃዛ ከርከዴ፦ ኮምጣጣውን፣ ስኳሩንና ቅመሙን በየተራ ማስተካከል

ከርከዴ ቀላል መጠጥ ይመስላል። አበባው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ስኳር ይጨመርበታል፣ ፍሪጅ ይገባል፣ አለቀ። የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አፍ ይጨመድዳል፣ ወይ ስኳሩ ሁሉን ነገር ውጦት ቀይ ሽሮፕ ይሆናል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአበባው አይደለም። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይጣድና፣ ትኩስ እያለ ይቀመስና፣ ጣዕሙ እዚያው ምድጃ ላይ ይወሰናል። ችግሩ እሱ ነው።

እኔ የምከተለው መንገድ ነገሩን ይለያየዋል። መጀመሪያ ቅመሙ ብቻውን ይፈላል። ቀጥሎ አበባው ሳይፈላ ይዘፈዘፋል። ስኳሩ ደግሞ በሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዴ በትኩሱ፣ አንዴ መጠጡ ከበረደ በኋላ። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው በቀዝቃዛው ብርጭቆ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ልክ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ፣ ማለትም ሰባት ስምንት ብርጭቆ የሚሆን ነው።

ኮምጣጣና ጎምዛዛ አንድ አይደሉም

ወደ ድስቱ ከመሄዳችን በፊት ይህን አንድ ነገር እንለይ፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በሱ ላይ ነው። የደረቀው ቀይ ነገር የአበባው ስስ ቅጠል ሳይሆን አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፈር ያለ ሽፋን ነው። ውስጡ ሎሚና ፖም ላይ የምናገኛቸው ዓይነት አሲዶች አሉ። ኮምጣጣነቱ ከነሱ ይመጣል። ከዚያ ሌላ ሻይ ሲቆይ ምላስ የሚያደርቀው ዓይነት ታኒን አለው። ማርማላታ እንዲረጋ የሚያደርገው ፔክቲንም አለው።

እነዚህ እኩል አይወጡም። አሲዱና ቀለሙ ቶሎ ይወጣሉ፤ በሙቅ ውሃ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይበቋቸዋል። ታኒኑና ፔክቲኑ ግን ውሃው እየፈላና ጊዜው እየረዘመ በሄደ ቁጥር ይበረክታሉ። አበባውን ግማሽ ሰዓት ያፈላ ሰው ያገኘው ትርፍ ጣዕም ሳይሆን ትርፍ ጉምዛዜ ነው።

እንዴት ይለያል? አንድ ጉንጭ ያዙና ዋጡት። ከዚያ ጥቂት ጠብቁ። አፋችሁ ምራቅ ከሞላ ኮምጣጣ ነው፤ እሱን ስኳር ያስተካክለዋል። ምላሳችሁ ከደረቀና ጥርሳችሁ ሻካራ ሻካራ ካላችሁ ግን ጎምዛዛ ነው። እሱን ስኳር አያድነውም። ስኳር በጨመራችሁ ቁጥር ጣፋጭና ደረቅ የሆነ ግራ የገባው ነገር ይሆናል። ያኔ የሚረዳው ውሃ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አጭር መዘፍዘፍ።

የሚያስፈልጉት

50 ግራም የደረቀ ከርከዴ፤ ሚዛን ከሌለ ሳይታመቅ አንድ ትልቅ ኩባያ ሞልቶ ትንሽ ተረፍ የሚል። አንድ ሊትርና አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ ለመዘፍዘፊያ፣ 800 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማቅጠኛ። 100 ግራም ስኳር ለመነሻ፣ ሌላ 100 ግራም ለሽሮፕ። አውራ ጣት የምታክል ትኩስ ዝንጅብል፣ የጣት ርዝመት ያላት አንድ ቀረፋ፣ ሁለት ቅርንፉድ። ቁንጥር ጨው።

አበባውን ስትመርጡ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሽታውንም እዩ። ደህናው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ የደረቀ ፍራፍሬ የመሰለ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው፣ አብዛኛውም አልተሰባበረም። ወደ ቡኒ ያደላና ድርቆሽ ድርቆሽ የሚሸተው የቆየ ነው። እሱን ምንም ብታደርጉት ቀለሙ ደማቅ አይሆንም። የተሰባበረና ዱቄት የበዛበት ከሆነ መጣል አያስፈልግም። ነገር ግን ቶሎ ስለሚለቅ 40 ግራም አድርጉት፣ ጊዜውንም አሳጥሩት።

ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን። ባዶ አልሙኒየም፣ መዳብና ተራ ብረት አይሆኑም። አሲዱ ብረቱን ይነካዋል፤ መጠጡ የሳንቲም ጣዕም ያመጣል፣ ቀለሙም ይደፈርሳል። የሚቀመጥበት ጆግ ብርጭቆ ቢሆን ይሻላል። ፕላስቲክ ቀለሙን ይይዛል፣ የእንጨት ማንኪያም እንደዚያው። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

አንደኛ፦ ቅመሙን ብቻውን አፍሉት

ዝንጅብሉን እጠቡና ከነልጣጩ በስሱ ክተፉት። ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ ጋር 1.1 ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ።

ቅመሙ የሚቀድመው ለምን መሰላችሁ? ቀረፋ ቅርፊት ነው፣ ቅርንፉድ ጠንካራ እምቡጥ ነው፤ ጣዕማቸውን ለመልቀቅ መፍላት ይፈልጋሉ። ከርከዴው ግን መፍላት አይወድም። አንድ ላይ ከተጣዱ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም።

ቅርንፉድ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ለዚህ ልክ ሁለት ፍሬ ይበቃል። ሦስተኛዋ ስትገባ መጠጡ የጥርስ ሐኪም ክፍል ይሸታል፤ ጥርስ ማደንዘዣ ላይ የሚገባው ዘይት ከቅርንፉድ የሚወጣው ነውና። ሄል የምትወዱ ቀረፋውን ተዉትና ሦስት አራት ፍሬ ሄል ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጋችሁ እሳቱ ሊጠፋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩ። ሄልም ቀረፋም ቅርንፉድም ዝንጅብልም አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የሻይ ቅመም ይሆንና ከርከዴው ይጠፋል። ለኔ ምርጫው ዝንጅብልን መሪ አድርጎ አንድ አጃቢ መስጠት ነው። ከላይ ያለው ልክም እንደዚያ ነው፤ ቅርንፉዱ ከኋላ ብቻ ነው የሚሰማው።

አሥር ደቂቃው ሲሞላ ቅመሙን ቅመሱት። ጠንከር ያለ ሻይ መምሰል አለበት። ትኩሱ ላይ «ልክ ነው» ካላችሁ ሲቀዘቅዝና በውሃ ሲቀጥን ይጠፋል፤ ስለዚህ ትንሽ በዛ ብሎ ይሰማችሁ።

ሁለተኛ፦ እሳቱን አጥፉና አበባውን ጨምሩ

በመሃል አበባውን አለቅልቁት። ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሁለት ጊዜ ቶሎ ማሳለፍ ይበቃል። አቧራና አሸዋ ይወጣለታል። ውሃ ውስጥ አታቆዩት፤ የሚታጠበው ውሃ ቀይ እየሆነ ከሄደ የምትደፉት ቀለሙንና አሲዱን ነው።

እሳቱን አጥፉ። የሚንተከተከው ጸጥ እስኪል አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና አበባውን ጨምሩ። በማንኪያ ወደ ውስጥ ድፈቁት፣ ክደኑት፣ ሰዓት ያዙ። አሥራ አምስት ደቂቃ። የተሰባበረ ከሆነ አሥር።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ጥሩ ነው። መጀመሪያ ውሃው ወዲያው ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያ ማንኪያው የማይታይበት ጥቁር ቀይ። አበባው ይለሰልሳል፣ ይዘረጋል፣ ቀለሙ ወደ ሐመር ሮዝ ይሄዳል። አሥራ አምስት ደቂቃው ሲሞላ አንዱን አውጥታችሁ በጣት ጨፍልቁት። ለስልሶ ግን ቅርጹን ከያዘ በቂ ነው። ከላመና ጣት ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር ከተወ ፔክቲኑ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው፤ ቶሎ አጥሉት።

ሦስተኛ፦ ማጥለል

በጠባብ ወንፊት አጥሉት። ጥርት ያለ ከፈለጋችሁ ወንፊቱ ላይ ንጹሕ ስስ ጨርቅ አንጥፉበት፤ ጨርቁ ግን ዳግመኛ ነጭ አይሆንም። ወንፊቱ ላይ የቀረውን አበባ በማንኪያ ጀርባ ለስለስ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ አትጭመቁት። አበባው ብዙ ውሃ ጠጥቶ ስለሚቀር መጭመቅ ያጓጓል። ተጨምቆ የሚወጣው ግን ዝልግልጉና ጎምዛዛው ነው።

800 ሚሊ ሊትር ገደማ ዋና ጭማቂ ታገኛላችሁ። ከፈላው ጥቂት ተንኗል፣ የቀረውን አበባው ወስዶታል። ከ750 ካነሰ በሙቅ ውሃ ሙሉት።

አሁን አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ያህሉን፣ ማለትም ግማሽ ኩባያ የማይሞላ፣ ምንም ስኳር ሳይነካው በትንሽ ጠርሙስ ለይታችሁ አስቀምጡ። ይሄ መጠባበቂያ ነው። በኋላ ጣፋጭነቱ ከበዛ የሚመልሰው እሱ ነው። የጣፈጠን መጠጥ በውሃ ብቻ ለማዳን ስትሞክሩ ኮምጣጣውም ቀለሙም አብሮ ይቀጥናል።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ስኳር

በቀረው ሙቅ ጭማቂ ውስጥ 100 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉ። ጨው ስል የሚቀመስ ጨው እንዳይመስላችሁ፤ በሁለት ጣት ጫፍ የምትያዝ ነች። ጣፋጩን ከፍ ታደርገዋለች። ጨው ጨው ካለ በዝቷል።

ከዚያ 800 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። አሁን ሊትር ተኩል ሆነ። በዚህ ደረጃ ስትቀምሱት ኮምጠጥ ይላል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያው ነው። ክደኑና ፍሪጅ አስገቡት፤ ቢያንስ አራት ሰዓት።

እሱ ሲበርድ ሽሮፑን ሥሩ። 100 ግራም ስኳርና 100 ግራም ውሃ ትንሽ ድስት ውስጥ አሙቁ፤ ስኳሩ ሟሙቶ ውሃው ጥርት ሲል አውርዱት። መፍላት አያስፈልገውም። ሽሮፕ ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። ስኳር በቀዝቃዛ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ግማሹ ታች ይተኛል። እናንተ ከላይ ቀምሳችሁ ትጨምራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠጣው ሰው ማር ይጠጣል።

አምስተኛ፦ ፍርዱ በቀዝቃዛው ላይ

ዋናው ቦታ እዚህ ነው። ምላስ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጣፋጭነትን ደካማ አድርጎ ይሰማል፤ ኮምጣጣው ግን ያን ያህል አይደክምም። ስለዚህ ትኩስ እያለ «ተስተካከለ» የተባለው ሲበርድ ይኮመጥጣል። ከዚያ በረዶ ይገባበታል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ይቀጥናል። ትኩሱ ላይ የተሰጠ ፍርድ የሌላ መጠጥ ፍርድ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ሦስት ብርጭቆ አሰልፉ። በእያንዳንዱ ላይ 200 ሚሊ ሊትር የበረደ ከርከዴ ቅዱ። የመጀመሪያው እንዳለ ይቆይ። ሁለተኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ፣ ሦስተኛው ላይ ሁለት። አማስሉና ሁለት ሁለት ፍሬ በረዶ ጣሉባቸው። ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ቅመሱ፤ በየመሃሉ ውሃ ጠጡ።

በዚህ ልክ ስሠራ ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ እንዲህ ነው። አንደኛው ያኮማትራል። ሁለተኛው መጀመሪያ ደህና ይልና መጨረሻ ላይ ኮምጣጣው ብቻውን ይቀራል። ሦስተኛው መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ መሃል ላይ ኮምጣጣው ይመጣል፣ ከተዋጠ በኋላ ዝንጅብሉ ይቀራል። እኔ የምፈልገው ያንን ተራ ነው።

ሦስተኛው ተመረጠ እንበል። ሊትር ተኩሉ ሰባት ብርጭቆ ተኩል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሲሆን አሥራ አምስት የሻይ ማንኪያ ይመጣል። ይሄ አምስት የሾርባ ማንኪያ፣ 75 ሚሊ ሊትር ነው፤ ውስጡ 45 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ከመነሻው ጋር ሲደመር በጠቅላላው 145 ግራም፣ በሊትር ሲሰላ ከ90 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ብዙዎቹ የጠርሙስ ለስላሳዎች በሊትር 100 ግራም አካባቢ ስለሆኑ ከነሱ ብዙም አይርቅም። ስኳር መቀነስ የምትፈልጉ የሁለተኛውን ብርጭቆ ልክ ውሰዱና ውሃ ጨምሩበት፤ ያኔ ኮምጣጣውም አብሮ ስለሚወርድ ሚዛኑ አይናጋም። ስኳሩን ብቻ ቀንሶ አበባውን እንደነበረ መተው ግን አያዋጣም።

ለሙከራ የቀዳችሁት ሁለተኛና ሦስተኛ ብርጭቆ ሽሮፕ ገብቶባቸዋልና ወደ ጆጉ አትመልሷቸው፤ ጠጧቸው። የሽሮፑን ልክ በቀረው መጠን አስሉ።

ከሦስቱ አንዱም ካልጣመ ችግሩ ስኳር አይደለም። ጣፋጭ ሆኖ ባዶ ባዶ ካለ መጠባበቂያውን ጭማቂ በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ። ጣፋጭም ኮምጣጣም ሆኖ ሕይወት ከሌለው ደግሞ ለብርጭቆው ጥቂት ጠብታ ሎሚ ሞክሩ። የሎሚው አሲድ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚያመጣው የልጣጩንና የጭማቂውን ትኩስ ሽታ ነው። ሎሚ ጆጉ ውስጥ ከምትጨምሩ እየቀዳችሁ ብርጭቆ ላይ ብትጨምሩ ይሻላል፤ ሲያድር ሽታው ይሞታል።

ጨርሶ እሳት ሳይነካው

ጎምዛዛ ጨርሶ የማይወድ ሰው ካለ ቀዝቃዛው መንገድ ይሻለዋል። የታጠበውን 50 ግራም አበባ 1.1 ሊትር ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ጣዕሙ ለስላሳና የፍራፍሬ ይሆናል። ፍሪጅ ይሁን የምለው ያለምክንያት አይደለም፤ ሙቀት ያልነካው አበባ ላይ ያለው ጀርም አልሞተምና ውጭ ማሳደር አይገባም። ቅመሙ በቀዝቃዛ አይወጣም። ለብቻው በአንድ ኩባያ ውሃ አፍልታችሁ፣ አጥላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ጨምሩት፤ ያንኑ ያህል ከማቅጠኛው ውሃ ቀንሱ። ስኳሩ በሙሉ በሽሮፕ ይገባል።

እውነቱን ለመናገር ይህኛው ጥርት ያለ ቢሆንም ትንሽ ይሳሳል። ዝንጅብሉ ጠንከር እንዲል ለምፈልገው መጠጥ ሙቁን እመርጣለሁ።

ሲበላሽ ምን ይመስላል

ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ካደላ አሲዱን የሚገድል ነገር አግኝቶታል። የሳሙና ቅሪት፣ የማዕድን መጠኑ የበዛ ውሃ፣ ወይም ድስቱ ሊሆን ይችላል። የከርከዴ ቀለም ቀይ የሚሆነው በአሲድ ውስጥ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ኮምጣጣውን ለማብረድ ቤኪንግ ሶዳ መጨመር የማያዋጣው፤ ቁንጥር ብቻ እንኳ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ የሳሙና ጣዕምም ያመጣል።

ቀለሙ ቡኒ ከሆነ ወይ አበባው አርጅቷል ወይ ብዙ ፈልቷል ወይ መጠጡ ብዙ ቀን ቆይቷል። ዝልግልግ ካለ ተጨምቋል ወይም ከመጠን በላይ ተዘፍዝፏል። ትንሽ ከሆነ በውሃ ይቀላል፤ ብዙ ከሆነ ግን በማጥለል አይወጣም። ደፍርሶ ታች አተላ ካለው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ሳይነካ ይርጋና ከላይ ከላይ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት።

ቅመሙ በማግስቱ ከበረታ አንዷ ቅርንፉድ ከወንፊቱ አምልጣ ጆጉ ውስጥ አድራለች። ፈልጋችሁ አውጧት።

በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል። ሽሮፑን ለይታችሁ ካስቀመጣችሁ በየቀኑ ማስተካከል ትችላላችሁ። ክዳኑ ሲከፈት ፍስስ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ አረፋ ካነሳ ወይም የእርሾ ሽታ ካመጣ መፍላት ጀምሯልና ድፉት። ለረጅም ጊዜ ከፈለጋችሁ ያልቀጠነውን ጭማቂ በበረዶ መሥሪያ አቀዝቅዙት። ብርጭቆው ውስጥ ተራ በረዶ ከምትጥሉ ይህንን ብትጥሉ መጠጡ እየቀለጠ አይቀጥንም፤ ኮምጣጣው ግን እየጨመረ ስለሚሄድ ሽሮፑን ትንሽ ከፍ አድርጉ።

ከርከዴ የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየቀኑ በብዛት ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡሮችም ቢተዉት ይመከራል፤ ስለዚህ እንግዳ ላይ ስትቀዱ ውስጡ ምን እንዳለ ንገሩ።